መራመድ ወይስ መዝጋት? ኮሪዶር የሚያስተምረው የቆጠራ ጥበብ

ቼዝ የሚጫወት ሰው በመጀመሪያ ተራው 20 አማራጮች አሉት። ኮሪዶር በተባለው የሰሌዳ ጨዋታ ግን ጀማሪው ተጫዋች ገና ሰሌዳው ባዶ ሳለ 131 አማራጮች ይጠብቁታል። ከእነዚህ ውስጥ ጠጠሩን የሚያንቀሳቅስባቸው ሦስቱ ብቻ ናቸው፤ የቀሩት 128ቱ ግድግዳ ሊተክልባቸው የሚችላቸው ቦታዎች ናቸው። ቁጥሩ ያስደነግጣል። ሆኖም ተጫዋቹ በየተራው የሚያነሳው ጥያቄ አንድ ነው፦ ወደፊት ልራመድ ወይስ የተጋጣሚዬን መንገድ ልዝጋ?

ይህ ጥያቄ በስሜት የሚመለስ ይመስላል፤ ብዙ ጀማሪዎችም የሚመልሱት በስሜት ነው። ተጋጣሚያቸው የቀረባቸው ሲመስላቸው ይዘጋሉ፤ እነሱ የቀረቡ ሲመስላቸው ይራመዳሉ። መልሱ ግን በጣት ሊቆጠር የሚችል ነው። እንዴት እንደሚቆጠር ለማየት መጀመሪያ የጨዋታውን ሕግ በአጭሩ እንመልከት።

ሕጉ

ኮሪዶርን የነደፈው ሚርኮ ማርኬሲ ሲሆን፣ ጊጋሚክ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በ1997 እ.ኤ.አ. ለገበያ አቅርቦታል። ከእሱ በፊት በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ፊሊፕ ስሌተር የነደፈው ብሎኬድ የሚባል ተመሳሳይ ጨዋታ ነበር። በብሎኬድ ተጫዋቹ በአንድ ተራ ጠጠሩንም ያንቀሳቅሳል፣ ግድግዳም ይተክላል። በኮሪዶር ግን ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው የሚያደርገው። ጨዋታውን የሚያጠብቀውም ይህ ነው፤ የዘጋ ሰው አልተራመደም፣ የተራመደም አልዘጋም።

ሰሌዳው 9 በ9 ሲሆን 81 ቤቶች አሉት። ሁለቱ ተጫዋቾች ጠጠራቸውን በየበኩላቸው ጠርዝ መሃል ላይ ያስቀምጣሉ። ቀድሞ በተቃራኒው ጠርዝ ካሉት ዘጠኝ ቤቶች አንዱን የረገጠ ያሸንፋል። ጠጠር በአንድ ተራ አንድ ቤት ብቻ ወደፊት፣ ወደኋላ ወይም ወደ ጎን ይሄዳል፤ በሰያፍ አይሄድም። እያንዳንዱ ተጫዋች 10 ግድግዳዎች አሉት። የአንዱ ግድግዳ ርዝመት የሁለት ቤት ያህል ሲሆን፣ በቤቶቹ መካከል ባለው ክፍተት በአግድም ወይም በቁም ይተከላል። የተተከለ ግድግዳ አይነሳም፤ በሌላ ግድግዳ ላይ መደረብም ሆነ ሌላውን ማቋረጥ አይችልም።

ሁለት ተጨማሪ ሕጎች አሉ፤ ሁለቱም ቀጥሎ ላለው ነገር ወሳኝ ናቸው። አንደኛ፣ ማንም ሰው የተጋጣሚውን መንገድ ፈጽሞ ሊዘጋ አይችልም። የፈለገውን ያህል ያርዝመው እንጂ፣ ወደ ግቡ የሚያደርስ ቢያንስ አንድ መንገድ ሊተውለት ይገባል። ሁለተኛ፣ ሁለቱ ጠጠሮች ፊት ለፊት ከተጋጠሙና በመካከላቸው ግድግዳ ከሌለ፣ ተራው የደረሰው በሌላው ላይ ዘሎ ከጀርባው ያርፋል። ከተዘላዩ ጀርባ ግድግዳ ካለ ደግሞ ዘላዩ ወደ ግራው ወይም ወደ ቀኙ ይወርዳል።

ሁለት ቁጥሮች

ጨዋታውን የሚመራው ቆጠራ ይህ ነው። በማንኛውም ጊዜ ነጭ ወደ ግቡ ለመድረስ ቢያንስ ስንት እርምጃ ይቀረዋል? ጥቁርስ? ሲጀመር ሁለቱም 8 ይቀራቸዋል። ከዚያ በኋላ የሚደረገው ሁሉ ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች አንዱን፣ አንዳንዴም ሁለቱንም ይለውጣል።

ወደፊት አንድ እርምጃ መሄድ የራስን ቁጥር በ1 ይቀንሳል። የእርምጃ ዋጋ ስለዚህ ሁልጊዜ 1 ነው። የግድግዳ ዋጋ ግን አይታወቅም፤ መቆጠር አለበት። ግድግዳው የተጋጣሚን መንገድ በስንት አስረዘመ? የራስን መንገድስ? ከመጀመሪያው ሁለተኛው ሲቀነስ የሚቀረው የግድግዳው ዋጋ ነው። 2 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ መዝጋት ከመራመድ ይበልጣል። 0 ከሆነ ተራ ባክኗል። 1 ከሆነ ሁለቱ እኩል ይመስላሉ፤ ነገር ግን እርምጃ አያልቅም፣ ግድግዳ ያልቃል። ስለዚህ ዋጋቸው እኩል በሆነ ጊዜ መራመድ ይሻላል። ለዚህ አንድ ዋና ልዩነት አለው፤ እሱም የሚመጣው ሁለቱ ጠጠሮች መሃል ላይ ሲፋጠጡ ነው።

መሃል ላይ ሲፋጠጡ

ቀጥሎ ያለውን ለመከታተል ባለካሬ ወረቀት ላይ 9 በ9 ቢሥሉ ይቀልልዎታል። ዐምዶቹን ከግራ ወደ ቀኝ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ፣ ሸ፣ ቀ እንበላቸው። ረድፎቹን ከታች ወደ ላይ ከ1 እስከ 9 እንቁጠር። ነጭ ከሠ1 ተነሥቶ ወደ ረድፍ 9 ይወጣል፤ ጥቁር ከሠ9 ተነሥቶ ወደ ረድፍ 1 ይወርዳል። ነጭ ይጀምራል።

ሁለቱም ግድግዳ ሳይተክሉ ሦስት ሦስት እርምጃ ሄዱ እንበል። ነጭ ሠ4 ላይ፣ ጥቁር ሠ6 ላይ ደርሰዋል፤ በመካከላቸው ሠ5 ብቻ ባዶ ነው። ለሁለቱም 5 እርምጃ ይቀራል፤ ተራውም የነጭ ነው። ቁጥሩ እኩል ስለሆነና ተራውም የእሱ ስለሆነ ነጭ ዝም ብሎ ቢሮጥ የሚቀድም ይመስላል።

አይቀድምም። ነጭ ወደ ሠ5 ከገባ ከጥቁር ጋር ይገጣጠማል፤ ጥቁርም በላዩ ዘሎ ሠ4 ላይ ያርፋል። ጥቁር በአንድ ተራ ሁለት ረድፍ ስለወረደ አሁን የሚቀረው 3 ነው፤ ለነጭ ግን 4 ይቀራል። ነጭ ሠ6፣ ጥቁር ሠ3፤ ነጭ ሠ7፣ ጥቁር ሠ2፤ ነጭ ሠ8፣ ጥቁር ሠ1። ጥቁር አሸነፈ። ግድግዳ በሌለበት ቀጥተኛ ሩጫ የሚሸነፈው ጀማሪው ነው፤ ምክንያቱም መጀመሪያ ወደ መሃሉ ቤት ለመግባት የሚገደደው እሱ ነው።

እንግዲህ ነጭ እዚህ መዝጋት አለበት። የት ቢዘጋ ይሻለዋል? ብዙ ሰው የሚያደርገው በጥቁር አፍንጫ ሥር፣ በረድፍ 5 እና በረድፍ 6 መካከል፣ በሠ እና በረ ዐምዶች ላይ በአግድም መትከል ነው። እንቁጠረው። ጥቁር ወደ መ አንድ እርምጃ ጎን ብሎ መውረድ ስላለበት ቁጥሩ ከ5 ወደ 6 ያድጋል። ነጭም ግን ወደ ላይ ሲሄድ ያው ግድግዳ ይጠብቀዋልና የእሱም ቁጥር 6 ይሆናል። በሁለቱ ጠጠሮች መካከል የቆመ ግድግዳ ለሁለቱም ግድግዳ ነው። ዋጋው 0 ሆነ፤ ነጭም ከ10 ግድግዳው አንዱን አጣ።

አሁን ያንኑ ግድግዳ ከነጭ ጀርባ፣ በረድፍ 3 እና በረድፍ 4 መካከል፣ በመ እና በሠ ላይ እንትከለው። ነጭ ያንን ቦታ አልፎታልና ምንም አይጎዳውም፤ የሚቀረው 5 እንደሆነ ነው። ጥቁር ግን ወደ ረ ዐምድ አንዴ ጎን ማለት ስላለበት 6 ይቀረዋል። ይህ የመጀመሪያው የአተካከል ሕግ ነው፦ ጠጠርዎ ካለፈበት ቦታ የተተከለ ግድግዳ የሚጎዳው ተጋጣሚን ብቻ ነው።

ሌላ ትርፍም አለው። ጠጠሮቹ አልተንቀሳቀሱም፤ ተራው ግን ወደ ጥቁር ዞሯል። አሁን ሠ5 መግባት ለጥቁር ወጥመድ ነው። ቢገባ ነጭ በላዩ ዘሎ ሠ6 ላይ ያርፍና 3 ብቻ ይቀረዋል፤ ለጥቁር 5 ይቀራል። ቀደም ብዬ የጠቀስሁት ልዩነት ይኸው ነው። ዋጋው 1 ብቻ የሆነ ግድግዳ እንኳ ወደፊት መራመድ ለተጋጣሚ ዝላይ በሚሰጥበት ሰዓት ይተከላል። ጥቁርም ብልህ ከሆነ በበኩሉ ከጀርባው፣ በረድፍ 6 እና በረድፍ 7 መካከል ሊተክልና ግዴታውን ወደ ነጭ ሊመልስ ይችላል። ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች ሲጋጠሙ መሃሉ ላይ ለጥቂት ተራ ማንም ሳይንቀሳቀስ ግድግዳ ብቻ የሚተከለው ለዚህ ነው።

ግድግዳ የሚበስልበት ጊዜ

በእኛ ምሳሌ ጥቁር አልተከለም እንበል። ወደ ክፍተቱ አቅጣጫ፣ ወደ ረ6 ጎን አለ። አሁን ከፊቱ ያለው መንገድ ቀጥ ያለ ነው፤ 5 ይቀረዋል። ነጭም 5 ይቀረዋል፤ ተራው የነጭ ነው።

ነጭ ቢራመድ 4 ለ5 ይሆናል። ቢዘጋስ? ሁለተኛውን ግድግዳ ከመጀመሪያው ጎን፣ በዚያው መስመር፣ በረ እና በሰ ላይ ይተክላል። አሁን ከመ እስከ ሰ ያሉት አራት ዐምዶች ተዘግተዋል። ረ6 ላይ ያለው ጥቁር በቀኝ በኩል ሸ ዐምድ ለመድረስ 2 እርምጃ፣ በግራ በኩል ሐ ዐምድ ለመድረስ 3 እርምጃ ያስፈልገዋል። ቀኙ ስለሚያጥር ቁጥሩ 2 ሲደመር 5፣ ማለትም 7 ይሆናል። ግድግዳው በ2 አስረዘመው። ስለዚህ መዝጋት ይሻላል፦ 5 ለ7።

እዚህ ላይ ጊዜው ያመጣውን ልዩነት ልብ ይበሉ። ነጭ ይህንኑ ሁለተኛ ግድግዳ ጥቁር ገና ሠ6 ላይ ሳለ ቢተክለው ኖሮ የጥቁር ቁጥር ያኔም ወደ 7 ነበር የሚያድገው፤ ከ6 ወደ 7፣ ማለትም በ1 ብቻ። ጥቁር ወደ ክፍተቱ አንድ እርምጃ እስኪሄድ በመጠበቁ ግን ያንን እርምጃ ከንቱ አደረገበት። ግድግዳው ያው ነው፣ ቦታውም ያው ነው፤ ዋጋውን እጥፍ ያደረገው ጊዜው ነው።

ጥቁር አሁን ረ6 ላይ ቆሞ ሁለት መንገድ ያያል። በቀኝ በሸ በኩል 7 እርምጃ፣ በግራ በሐ በኩል 8 እርምጃ። አጭሩ ቀኙ ነው፤ ጀማሪ ተጫዋች ሳያመነታ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ቀኙን በር ግን በደንብ እንየው። በዚያ በኩል የቀሩት ክፍት ዐምዶች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሸ እና ቀ። የአንድ ግድግዳ ርዝመት ደግሞ ሁለት ቤት ነው። ነጭ በፈለገው ሰዓት በአንድ ግድግዳ ጭልጥ አድርጎ ሊዘጋው ይችላል፤ የግራው በር ክፍት ስለሆነ ሕግም አይከለክለውም።

ነጭ መቼ ቢዘጋው ይበጀዋል? በየደረጃው እንቁጠር። ጥቁር ረ6 ላይ እያለ ቢዘጋ፣ ጥቁር በግራ በኩል 8 ይቀረዋል፤ ከ7 ወደ 8፣ ዋጋው 1። ጥቁር ወደ ሰ6 ከሄደ በኋላ ቢዘጋ፣ የቀረው 6 ነበር፤ አሁን ወደ ሐ ለመመለስ 4፣ ለመውረድ 5፣ በድምሩ 9 ይሆናል፤ ዋጋው 3። ጥቁር ሸ6 ከደረሰ በኋላ ቢዘጋ፣ የቀረው 5 ነበር፤ አሁን ለመመለስ 5፣ ለመውረድ 5፣ በድምሩ 10፤ ዋጋው 5። አንድ፣ ሦስት፣ አምስት። ጥቁር ወደሚዘጋው በር በተጠጋ ቁጥር የነጭ ግድግዳ ዋጋ በ2 ያድጋል፤ ጥቁር የሄደውን እርምጃ ተመልሶ ደግሞ መሄድ ስላለበት።

ስለዚህ ነጭ አይቸኩልም። ጥቁር ሰ6 ሲገባ ነጭ ወደ ሠ5 ይራመዳል፤ ቁጥሩ 4 ይሆናል። ጥቁር ሸ6 ሲደርስ ግን ነጭ ሸ እና ቀን ይዘጋል። ውጤቱ 4 ለ10 ነው። ከዚህ በኋላ መጠበቅ ትርፍ የለውም። ጥቁር በሸ ዐምድ ወደ ረድፍ 5፣ ከዚያም ወደ ረድፍ 4 ቢወርድ የግድግዳው ዋጋ 5 እንደሆነ ይቆያል እንጂ አያድግም። ረድፍ 3ን ከረገጠ ደግሞ በሩን አልፏልና ግድግዳው ምንም አይጠቅምም። ከበሰለ በኋላ መጠበቅ ለተጋጣሚ የማምለጫ ጊዜ መስጠት ብቻ ነው።

ጨዋታው በዚህ አያልቅም። ጥቁር 10 ግድግዳ በእጁ አለው፤ ነጭ 7 ቀርቶታል። ጥቁር አሁን የነጭን ባለ 4 እርምጃ መንገድ ለማርዘም መታገል አለበት። ቢሆንም በስድስት እርምጃ ወደኋላ የቀረ ተጫዋች ግድግዳዎቹን በሙሉ ዕዳ ለመክፈል ያውላቸዋል።

ጥቁር ምን ማድረግ ነበረበት?

ከዚህ ምሳሌ የሚወጣው ዋና ትምህርት ለተከላካዩ ነው፦ በአንድ ግድግዳ ሊዘጋ የሚችል በር እንደ ክፍት በር አይቆጠርም። አጭሩን መንገድ ከመያዝ በፊት ተጋጣሚው አንድ ግድግዳ ቢተክልበት ስንት እንደሚሆን መቁጠር ያስፈልጋል። የቀኙ መንገድ 7 ይመስል ነበር፤ እውነተኛ ዋጋው ግን እስከ በሩ ሄዶ ለሚመለስ ሰው ከዚያ እጅግ ይበልጣል። የግራው መንገድ 8 ነበር፤ ሦስት ዐምዶች ክፍት ስለሆኑ ግን በአንድ ግድግዳ አይዘጋም።

ጥቁር ከረ6 ወደ ሠ6 ቢመለስ ምን ይሆናል? አሁን በሐ በኩል 7 ይቀረዋል። ነጭ ለ እና ሐን ቢዘጋበት፣ ጥቁር ፊቱን ወደ ሸ አዙሮ በ8 ይደርሳል፤ ግድግዳው ያስገኘው 1 ብቻ ነው። በሁለት በሮች መካከል የቆመ ተጫዋች አንዱ ሲዘጋበት ብዙ አይጎዳም፤ ክፉኛ የሚጎዳው አንዱ በር ላይ የደረሰው ነው።

ሁለተኛው መፍትሔ ይበልጥ የረቀቀ ነው። ጥቁር የራሱን ግድግዳ በሩን ለመጠበቅ ሊያውለው ይችላል። ረ6 ላይ እንዳለ አንድ ግድግዳ በሸ እና በቀ መካከል በቁም፣ ከረድፍ 3 እስከ ረድፍ 4 ድረስ ይተክላል። ይህ የነጭን መንገድ አያረዝምም፣ የራሱንም አያሳጥርም። ነገር ግን ግድግዳ ግድግዳን ማቋረጥ ስለማይችል ነጭ በሸ እና በቀ ላይ በአግድም ሊተክለው የነበረው ግድግዳ ከእንግዲህ አይገባም። የሰ ዐምድ አስቀድሞ ስለተያዘም አንድ ቤት ወደ ግራ አንሸራቶ መትከል አይቻልም። በሩ በአንድ ግድግዳ የማይዘጋ ሆነ፤ ነጭ ሊዘጋው ቢፈልግ ቢያንስ ሁለት ያስፈልጉታል።

ይህ ዓይነቱ ግድግዳ በቁጥሩ ሲታይ ዋጋው 0 ነው፤ ብዙ ሰው ስለዚህ አያየውም። ዋጋው የሚታየው ሊመጣ የነበረውን ጉዳት ሲያስቡ ነው። አንድ ተራ ከፍሎ የ5 እርምጃ ኪሳራን ማስቀረት ትርፍ ነው። መመዘኛውም ቀላል ነው፦ ተጋጣሚዎ በእርስዎ ቦታ ሆነው የሚያዩትን ምርጥ ግድግዳ ይፈልጉ፤ ዋጋው 3 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ከመራመድዎ በፊት ያንን ቦታ ማበላሸት ይገባል።

የመጨረሻው ሩጫ

የሁለቱም ግድግዳ ካለቀ ጨዋታው ሒሳብ ብቻ ይሆናል። ጠጠሮቹ ከተላለፉ በኋላ፣ ተራው የእርስዎ ከሆነና የሚቀርዎ እርምጃ ከተጋጣሚዎ ጋር እኩል ወይም ያነሰ ከሆነ ያሸንፋሉ። ተራው የተጋጣሚዎ ከሆነ ግን በቁጥር የግድ ማነስ አለብዎ። አስቸጋሪው አንዱ ግድግዳ ጨርሶ ሌላው ጥቂት ሲቀረው ነው። የጨረሰው ሰው ቁጥሩ ምንም ያህል ቢያምር መከላከያ የለውም፤ ግቡ በር ላይ ሲደርስ ይዘጋበታል። ስለዚህ መጨረሻ ላይ በእጅ የቀረ ግድግዳ መጀመሪያ ላይ ከተተከለው ብዙ ጊዜ ይበልጣል፤ መንገዱ ሲጠብና ተጋጣሚ በአንድ አቅጣጫ ርቆ ሲሄድ እያንዳንዱ ግድግዳ ብዙ ያስረዝማልና።

ሁሉንም መንገድ መዝጋት የሚከለክለው ሕግ ጉልበቱን የሚያሳየው እዚህ ነው። እንዲህ ያለ ሁኔታ እናስብ። ነጭ ግራና ቀኙ በታጠረ የአንድ ዐምድ ስፋት ባለው መተላለፊያ ውስጥ ነው፤ በፊቱ 3 እርምጃ ይቀረዋል። ከኋላው ደግሞ በጣም ረጅም የሆነ ሌላ መንገድ አለ። ጥቁር 6 እርምጃና አንድ ግድግዳ ቀርቶታል፤ ነጭም አንድ ግድግዳ አለው። ተራው የነጭ ነው።

ነጭ ደስ ብሎት ከተራመደ 2 ይቀረዋል፤ ጥቁር ግን በመጨረሻ ግድግዳው መተላለፊያውን ይደፍነዋል። ነጭ ወደኋላ ተመልሶ ረጅሙን መንገድ ሲዞር ጥቁር 6 እርምጃውን ጨርሶ ይገባል። ነጭ ከመራመድ ይልቅ ያንን ረጅም መንገድ በራሱ ግድግዳ ቢዘጋስ? የራሱን መንገድ መዝጋቱ እብደት ይመስላል። ሆኖም አሁን ለነጭ የቀረው መንገድ አንድ ብቻ ስለሆነ ጥቁር እሱን መዝጋት በሕግ ተከለከለ። ቁጥሩ 3 ለ6 ነው፣ ተራው የጥቁር ነው። ጥቁር 5፣ ነጭ 2፤ ጥቁር 4፣ ነጭ 1፤ ጥቁር 3፣ ነጭ ገባ። ለዚህ የተከፈለው ዋጋ አንድ ተራ ብቻ ነው። ስለዚህ ይህ ዘዴ የሚሠራው ቢያንስ በአንድ እርምጃ ቀድመው ሲገኙ ነው። ቁጥሩ 3 ለ2 ቢሆን ኖሮ መንገድን መጠበቅ ሳይሆን ተጋጣሚን መዝጋት ነበር የሚያስፈልገው።

አለመሄዱ በምን ይታወቃል?

ጨዋታው እየተበላሸ መሆኑን የሚናገሩ ሦስት ምልክቶች አሉ። የመጀመሪያው፣ ግድግዳ ከተከሉ በኋላ ሁለቱም ቁጥሮች አብረው ሲያድጉ ነው፤ ያ ግድግዳ ያለቦታው ተተክሏል። ሁለተኛው፣ ግማሹ ግድግዳ አልቆ ጠጠርዎ ገና ከመነሻው ሁለት ረድፍ አለመራቁ ነው። ወደፊት ያልሄደ ጠጠር ከጀርባው ቦታ ስለሌለው የሚተክለው ሁሉ ከፊቱ ይሆናል፤ ከፊቱ የተከለውም መልሶ እሱን ያግደዋል። ሦስተኛው፣ ተጋጣሚዎ በእጁ ያለው ግድግዳ ከእርስዎ በሁለትና በሦስት በልጦ እርስዎ በእርምጃ አለመቅደምዎ ነው። ያወጡት ግድግዳ እርምጃ ካልገዛልዎ ተበድረዋል፤ ዕዳውም መጨረሻ ላይ ይጠየቃል።

በተቃራኒው ደግሞ ግድግዳቸውን ሁሉ ለመጨረሻ የሚያስቀምጡ አሉ። እነሱም ይሸነፋሉ፤ ተጋጣሚ በሩን ካለፈ በኋላ የሚዘጋ ነገር አይኖርምና። ግብ ላይ ሊደርስ አንድ እርምጃ የቀረውን፣ ግራ ቀኙ ክፍት የሆነን ጠጠር በአንድ ግድግዳ ለአንድና ለሁለት ተራ ያዘገዩት ይሆናል እንጂ አያስቆሙትም።

ይህን ለመሞከር የተሠራ ሰሌዳ መግዛት የግድ አይደለም። ካርቶን ላይ 81 ቤቶችን ያሥምሩ፤ የሁለት ቤት ርዝመት ያላቸው 20 ቁራጮች ይቁረጡ፤ ሁለት ቀለም ያላቸው ሁለት ጠጠሮች ይፈልጉ። ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጨዋታዎች ሁለታችሁም ከየተራው በፊት ሁለቱን ቁጥሮች ድምፅ አውጥታችሁ ተናገሩ፤ «እኔ 5፣ አንተ 7» እያላችሁ። ግድግዳ ለመትከል እጃችሁን ስትዘረጉ ደግሞ ስንት እንደሚያስረዝም ቀድማችሁ ተናገሩ። 1 ከሆነና ዝላይ የማያሰጋችሁ ከሆነ ግድግዳውን መልሳችሁ ተራመዱ፤ 2 ከሆነ ትከሉ፤ ተጋጣሚያችሁ ወደ በሩ እየተጠጋ ከሆነና በሩን ሊያስጠብቅ የሚችል ካልመሰላችሁ አንድ ተራ ታገሡና በ3 ወይም በ5 ትከሉት።